እናት ናት እህት? ከጋዜጠኛ የመጣልን ኢሜይል

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · ሰኞ፣ ረፋድ 4:20

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ነኝ። ክፍሉም ኃላፊውም ተላላኪውም እኔው ነኝ። ባለፈው ሐሙስ አዲስ የውሃ ብራንድ አስተዋወቅን። አዳራሽ ተከራየን፣ ባነር አሠራን፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ሁሉም ፎቶ ተነሳ። ዛሬ ቢሮ ስገባ ይኼ ኢሜይል ጠበቀኝ። ስሞቹን አውጥቼ ነው የምለጥፈው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሐሙስ ዕለት ስላስተዋወቃችሁት አዲስ የታሸገ ውሃ ለኢኮኖሚ ገጻችን ዜና እየሠራሁ ነው። ከመታተሙ በፊት ሁለት ነገር እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እናት ኩባንያችሁ አስመጪው ድርጅት ነው? በመግለጫችሁ ላይ ‹የግሩፑ ቤተሰብ› ይላል። ሁለተኛ፣ ዘርፋችሁን ‹የውሃ አቅርቦት› ብዬ ይዤዋለሁ፤ ትክክል ነው? እስከ ረቡዕ ቀን 8 ሰዓት ብትመልሱልኝ።»

አለቃዬን ጠየቅኩት። «አዎ በይውና ገላገይኝ፣ ይኼ ምን ያስጨንቃል?» አለኝ። እኔም አዎ ልል ነበር። ግን እጄ ቆመ። አስመጪው እዚያው ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ ነው። አለቃችንም አንድ ነው። ሾፌሮቹም ይዋዋሳሉ። ታዲያ እናት ነው አይደለም? እኔ እስከ ዛሬ «እህት ኩባንያ» ስል ነው የኖርኩት። ምን ብዬ ልመልስ?

---

ሽሮ_ፈሰስ · ሰኞ፣ 4:41

እህቴ፣ ዜናው እንዲወጣላችሁ ስንት ጠየቀ? እኛ ባለፈው ዓመት ሱቃችንን ስንከፍት የመጡት ሰዎች የትራንስፖርት ብለው ተቀብለውናል። ዋጋውን ተነጋግረሽ ጨርሺ፣ የእናት የእህቱን ነገር እነሱ ያሳምሩታል።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · ሰኞ፣ 4:50

ኧረ ምንም ብር አልጠየቀም። ጥያቄው ያው ያነበባችሁት ነው።

---

የድሮ_ዘጋቢ · ሰኞ፣ 5:15

አሥራ ምናምን ዓመት የቢዝነስ ዜና ሠርቻለሁ። ይኼን ኢሜይል በወር አራት አምስቴ እልክ ነበር። ስለዚህ ከወንበሩ ማዶ ሆኜ ልንገርሽ።

ልጁ እንዲህ የጠየቀሽ መግለጫችሁ ስላምታታው ነው። «የግሩፑ ቤተሰብ» ትላላችሁ። እሱ ደግሞ የግሩፑን ስም የንግድ ምዝገባው ድረ ገጽ etrade.gov.et ላይ ይፈልጋል። አያገኘውም። የሚያገኘው ሁለት ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበራት ነው፤ አንዱ አስመጪ፣ አንዱ ፋብሪካ። ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰው፣ አድራሻው አንድ ሕንፃ። «ግሩፕ» የሚባል ነገር ባነር ላይ እንጂ መዝገብ ላይ የለም። እናም ከሦስት አንዱን መርጦ መጻፍ አለበት፦ እናት፣ እህት፣ ወይም ምንም። ምርጫውን ላንቺ ሰጠሽ። ይኼ ጨዋ ጋዜጠኛ ነው። ሌላው ቢሆን ባነሩን አይቶ ጽፎ ይገላገል ነበር።

ግን መልስ ከመስጠትሽ በፊት ሰውየው እውነት ጋዜጠኛ መሆኑን እዪ። ኢሜይሉ የመጣው ከጋዜጣው አድራሻ ነው ወይስ ከግል? ከግል ቢሆንም ችግር የለም፣ ብዙዎቻችን በግል ኢሜይል ነው የምንሠራው። ብቻ ወደ ጋዜጣው ቢሮ ደውለሽ ጠይቂ። ስልኩን ከኢሜይሉ ግርጌ አትውሰጂ፣ ከታተመው ጋዜጣ ላይ ውሰጂ። ንግድ ፈቃድ ስካን አድርገሽ ላኪ፣ የባንክ ደብዳቤ ላኪ የሚል ነገር ቢመጣ ግን ጋዜጠኛ አይደለም። ዜና ለመጻፍ የፈቃድሽ ኮፒ አያስፈልገንም፤ ድረ ገጹ ላይ በቲን ቁጥር ይታያል።

«አዎ በይው» የሚለውን እርሺው። ጽፈሽ ያረጋገጥሽው ነገር ሌሎቹ ጋዜጦችም እየቀዱ ይጽፉታል። በሦስተኛው ሳምንት ማረም አትችዪም።

---

ፌርማታ · ሰኞ፣ 6:02

ይኼ እኮ ቀላል ሒሳብ ነው። አስመጪው ፋብሪካው ውስጥ ከ50 በመቶ በላይ ካለው እናት ነው፣ ከዚያ በታች ከሆነ አይደለም። በቃ። መመሥረቻ ጽሑፉን አውጥተሽ እዪ።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · ሰኞ፣ 8:35

ምሳዬን ትቼ ፋይል ክፍል ገባሁ። ጋዜጣው ቢሮ ደውዬ አረጋግጫለሁ፣ ልጁ የእነሱ ነው።

መመሥረቻ ጽሑፉ ላይ የፋብሪካው አክሲዮን እንዲህ ነው፦ አለቃዬ በግሉ 48 በመቶ፣ ባለቤቱ 22 በመቶ፣ አስመጪው ድርጅት ደግሞ 30 በመቶ። አስመጪው ውስጥ ራሱ አለቃዬ 80 በመቶ አለው፤ የቀረው የወንድሙ ነው።

ስለዚህ አስመጪው 30 ብቻ ነው። ፌርማታ እንዳልከው ከሆነ እናት አይደለም ማለት ነው?

---

ፌርማታ · ሰኞ፣ 8:47

አይደለም! እንዲያውም ላስላልሽ። የአስመጪው 30 ውስጥ የአለቃሽ ድርሻ 80 በመቶ ነው፤ ይኼ 24 ይሆናል። በግሉ ካለው 48 ጋር ሲደመር 72። የፋብሪካው እናት አለቃሽ ራሱ ነው። 😄

---

ውል_ፈታች · ሰኞ፣ 9:30

ፌርማታ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ስያሜው ግን ተንሸራተተ። አለቃዋ ባለቤት ነው፣ ተቆጣጣሪ ነው፣ ምንም ልትለው ትችላለህ። «እናት ኩባንያ» ግን ለመባል መጀመሪያ ኩባንያ መሆን አለበት። ሰው እናት ኩባንያ አይሆንም። ሁለት ድርጅቶች አንድ ሰው ስለያዛቸው አንዱ የሌላው እናት አይሆኑም። ሕዝቡ «እህት ኩባንያ» የሚለው ለዚህ ነው፤ ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፣ የአንድ አባት ልጆች እንደማለት።

50 በመቶ የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ 1243ን ማለቴ ነው፣ ስለ ግሩፕ ኩባንያዎች ለብቻው አንቀጾች አሉት። የ1952ቱ ሕግ ላይ ይኼ አልነበረም። እዚያ ዋናው ቃል ቁጥጥር ነው። ከግማሽ በላይ ድምፅ መያዝ ቁጥጥርን ያሳያል። ግን መንገዱ እሱ ብቻ አይደለም። 30 በመቶ ይዞ የኩባንያውን አመራር የመሾምና የመሻር መብት በውል የተሰጠው ካለ፣ እሱም ይቆጣጠራል። ስለዚህ እህቴ፣ የአክሲዮን ሠንጠረዡን ብቻ አይተሽ ፋይሉን አትዝጊው። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ «ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው» የሚል አንቀጽ ፈልጊ። የአባላት የጎን ስምምነት ካለም እሱንም ጠይቂ።

---

ዋሌት · ሰኞ፣ 10:10

በዘርፉ ጉዳይ የራሴን ልናገር። የክፍያ መተግበሪያ የምትሠራ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። እኛ ሶፍትዌር ብቻ ነበር የምንሠራው፣ ብሩን የሚይዘው ባንክ ነበር። አንድ ጋዜጠኛ «ዘርፋችሁ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ማርኬቲንጉ «ፋይናንስ» ብሎ መለሰ፤ ደስ የሚል ቃል ነው። ዜናው «አዲስ የፋይናንስ ተቋም» ብሎ ወጣ። በሳምንቱ ከተቆጣጣሪው «በምን ፈቃድ?» የሚል ስልክ ተደወለ። ለማስረዳት ሁለት ወር ፈጀብን።

ትልልቆቹ እንኳ ይኼን ይለያሉ። ኤም ፔሳ አገራችን ሲገባ ስሙ ከሳፋሪኮም ጋር ተያይዞ ነው የምናውቀው። ግን የሞባይል ገንዘቡን የያዘው ለብቻው የተቋቋመ ኩባንያ ነው። ፈቃዱንም በ2015 ዓ.ም. የሰጠው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው አይደለም። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የመጣው ቴሌብር ደግሞ የኢትዮ ቴሌኮም አገልግሎት ሆኖ ነው የተጀመረው። ሁለቱም ስልክሽ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ይመስላሉ። «እናቱ ማነው፣ ዘርፉ ምንድን ነው?» ሲባል ግን መልሱ ይለያያል።

---

የድሮ_ዘጋቢ · ሰኞ፣ 10:40

ዋሌት ጥሩ አነሳህ። ውሃውም ላይ ያው ነው። ልጁ «የውሃ አቅርቦት» ያለው ውሃ የሚለውን ቃል ስላየ ነው። የውሃ አቅርቦት የቧንቧው ነው፤ ቆጣሪሽን የሚያነበው መሥሪያ ቤት ዘርፍ። የእናንተ ማኑፋክቸሪንግ ነው። በዓለም አቀፉ የኢንዱስትሪ አመዳደብ የታሸገ ውሃ የሚገባው ከለስላሳ መጠጥ ጋር ነው፣ 1104 የሚባለው ውስጥ። የቧንቧው ለብቻው 3600 ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ የለስላሳ ዘመድ ሆነ ማለት ነው።

የዘርፉ መልስ ከፋብሪካው ንግድ ፈቃድ ላይ ይነበብ። ፈቃዱ የሥራ መስኩን ይጽፋል። የአስመጪውን ፈቃድ እንዳታነቢ ብቻ።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ጠዋት 3:05

ፈቃዱን አየሁት። የመስኩ ስም «የታሸገ ውሃ ማምረት» ይላል። እሱ ተቃለለ። አለቃዬ ግን «ዘርፈ ብዙ ነን በዪ» እያለ ነው። አስመጪው የግንባታ ዕቃ ያስገባል፣ መኪናም ያከራያል፣ ውሃውን ለሱቆች የሚያከፋፍለውም እሱ ነው።

ውል_ፈታች፣ የፈራሁት መጣ። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ሥራ አስኪያጁን የሚሾመው የአባላት ጉባኤ ነው ይላል። ቀጥሎ ግን «ዕጩውን የሚያቀርበው አስመጪው ድርጅት ነው» ይላል። ይኼ ምን ማለት ነው?

---

ውል_ፈታች · ማክሰኞ፣ 3:50

ወይ ጉድ። ይኼን የጻፈው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ ብጠይቀው ደስ ባለኝ።

ዕጩ ማቅረብ መሾም አይደለም። ጉባኤው 70 በመቶ ድምፅ ካላቸው ባልና ሚስት ጋር ነው፣ ዕጩውን ሊጥል ይችላል። በሌላ በኩል ሌላ ሰው ዕጩ ማቅረብ ካልቻለ፣ ጉባኤው ስንት ጊዜ ይጥላል? በመጨረሻ ከአስመጪው ዕጩዎች አንዱን ይሾማል። እኔ ወደ «ቁጥጥር የለም» አዘነብላለሁ። ግን ፍርድ ቤት ቆሜ እምላለሁ አልልም። የድርጅታችሁ ጠበቃ አይቶ በጽሑፍ ይንገራችሁ።

አንቺ ዛሬ ማድረግ ያለብሽ አንድ ነገር ነው። «እናት ኩባንያ የለንም» የሚል ዓረፍተ ነገር አትጻፊ። ያልተጣራ ነገር ነው። ማንም የማይከራከርሽን ጻፊ፦ አምራቹ ማነው፣ አስመጪው ስንት በመቶ አለው፣ ከግማሽ በላይ የያዘ ኩባንያ አለ የለም። ስያሜውን ለእነሱ ተዪው።

---

ሂሳብ_ነክ · ማክሰኞ፣ 4:25

ሁላችሁም መመሥረቻ ጽሑፍ ውስጥ ገባችሁ። እኔ አንድ አቋራጭ አለኝ። የአስመጪው የኦዲት ሪፖርት ላይ ፋብሪካው እንዴት ነው የተመዘገበው?

ለምን መሰላችሁ? አስመጪው እናት ነኝ ካለ የፋብሪካውን ሂሳብ ከራሱ ጋር አዋህዶ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የፋብሪካው ሽያጭ፣ ዕዳው፣ ማሽኑ ሁሉ አብሮ ይደመራል፤ የቀሪዎቹ ባለአክሲዮኖች ድርሻም ለብቻው ይታያል። 30 ይዤ ተጽዕኖ አለኝ እንጂ አልቆጣጠርም ካለ ደግሞ በአንድ መስመር ብቻ ነው የሚያስገባው፤ የትርፉን 30 በመቶ ይወስዳል፣ ያበቃል። ዓለም አቀፉ ደረጃ ከ20 በመቶ ጀምሮ ወትሮ በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው የሚያየው፣ ቁጥጥር ካልታየ በቀር።

ስለዚህ ኦዲቱ አንድ መስመር ብሎ፣ ጋዜጣው «እናት» ብሎ ከወጣ ሁለት የተለያየ ነገር ተናገራችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ባንኩ ነው። ባንክ ለሁለቱም ብድር ሰጥቶ ከሆነ እንደ ተዛማጅ ተበዳሪ አንድ ላይ ነው የሚያያቸው። «የተዋሃደውን ሂሳብ አምጡ» ይላል። የሌለ ነገር ከየት ታመጣላችሁ?

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ 7:40

ሂሳብ ሹሟን ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ። ከዚያ ገጹን ገልጣ አሳየችኝ። አንድ መስመር ነው። አልተዋሃደም። ፋብሪካው «ተባባሪ ድርጅት» ተብሎ ነው የተጻፈው።

ወደ አለቃዬ ገብቼ ይኼን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። የባንኩ ነገር ነው የነካው መሰለኝ። «በይ እንግዲህ ጻፊ፣ ከመላክሽ በፊት አሳዪኝ» አለ።

---

ፌርማታ · ማክሰኞ፣ 8:00

እኔ የምለው፣ ብራንዱ ራሱ የማነው? ውሃውን ፋብሪካው ያመርታል። ስሙስ በማን ነው የተመዘገበው? ኮካ ኮላን እዩ። እዚህ የሚያሽገው ምሥራቅ አፍሪካ ቦትሊንግ ነው። እሱ ደግሞ በኮካ ኮላ ቤቨሬጅስ አፍሪካ ሥር ነው። ስሙ ግን የአትላንታው ኩባንያ ነው። «የኮካ እናት ማነው?» ብትሉ የጠርሙሱን ነው የስሙን ብዬ እጠይቃችኋለሁ።

---

ውል_ፈታች · ማክሰኞ፣ 8:20

ዛሬ ፌርማታ ነጥብ አስቆጠረ። ይኼን ሁላችንም ዘለልነው። የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ሁለት ቦታ ነው የሚመዘገቡት። የንግድ ስሙ ከንግድ ምዝገባው ጋር ነው፣ በአዋጅ 980። ምልክቱ ግን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው፣ በአዋጅ 501። ለውሃ ከሆነ 32ኛው መደብ ነው፣ ከቢራና ከለስላሳ ጋር። ሰባት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያ ይታደሳል። ማመልከቻውን ያስገባው ማነው?

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ 9:15

ባልጠየቅኩ ይሻል ነበር። ማመልከቻው በአለቃዬ የግል ስም ነው የገባው። ገና ምስክር ወረቀቱ አልመጣም።

ስለዚህ ውሃውን የሚያመርተው ፋብሪካው፣ የሚያከፋፍለው አስመጪው፣ ስሙ የግለሰብ ነው። ባነሩ ላይ ደግሞ ግሩፕ ተብሏል።

---

ሽሮ_ፈሰስ · ማክሰኞ፣ 9:22

ይኼ ሁሉ ለአንድ ጠርሙስ ውሃ ነው? እኔ ሱቅ ስከፍት አንድ ደረሰኝ ማሽን ነው የተጠየቅኩት።

---

የድሮ_ዘጋቢ · ማክሰኞ፣ 9:50

ስለ ምልክቱ አልጠየቀሽም። አትመልሺ። ጋዜጠኛ የጠየቀውን ብቻ መመለስ ውሸት አይደለም። ግን «ብራንዱ የፋብሪካችን ንብረት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር መግለጫችሁ ላይ ካለ እሱን አትድገሚው። በጥያቄ ከመጣ «ምዝገባው በሂደት ላይ ነው» ይበቃል፤ እውነትም ነው።

ሌላ ሁለት ነገር። በስልክ ሲደውልልሽ «ይኼ እንዳይጻፍ» ብለሽ የባለአክሲዮኖቹን ታሪክ አታጫውቺው። እንዳይጻፍ የሚባለው ቀድሞ ተስማምተው ነው፤ ተናግረሽ ከጨረስሽ በኋላ የሚባል አይደለም። ሁለተኛ፣ «ከመታተሙ በፊት አንብቤ ላጽድቅ» አትበዪው። ይናደዳል፣ ልክም ነው። ይልቅ ስሙንና ቁጥሩን መልሶ እንዲያነብልሽ ጠይቂው። ያንን ደስ ብሎት ያደርጋል።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · ማክሰኞ፣ ማታ 1:30

ይኼን አዘጋጀሁ። ፈትሹልኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ውሃውን የሚያመርተው ድርጅት በመግለጫው ላይ ስሙ የተጠቀሰው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። በመግለጫው ላይ ‹ግሩፕ› የሚለው ቃል የተመዘገበ ድርጅትን አያመለክትም። የጠቀሱት አስመጪ ድርጅት በማኅበሩ ውስጥ 30 በመቶ ድርሻ ያለው እህት ኩባንያ ነው፤ ምርቱንም ያከፋፍላል። ከግማሽ በላይ ድርሻ የያዘ ኩባንያ የለም። ዘርፋችን ማኑፋክቸሪንግ፣ በንግድ ፈቃዳችን መሠረት የታሸገ ውሃ ማምረት ነው፤ የውሃ አቅርቦት አይደለም። ስሞቹንና ቁጥሩን ከመታተሙ በፊት ቢያነቡልን እናመሰግናለን።»

---

ሂሳብ_ነክ · ማክሰኞ፣ 1:44

ደግ ነው። «እህት ኩባንያ» ግን አውጪው። 30 በመቶ የያዘሽ ድርጅት እህትሽ አይደለም፣ ባለድርሻሽ ነው። እህት የሚባለው ሁለታችሁንም ሌላ ሦስተኛ ሲይዛችሁ ነው። እናንተ ሁለቱንም ናችሁ፤ በአንድ በኩል ባለድርሻ፣ በሌላ በኩል የአንድ ሰው ንብረት። ያንን በአንድ ቃል ማሰር አይቻልም።

---

ውል_ፈታች · ማክሰኞ፣ 2:10

እስማማለሁ፣ ይውጣ። «30 በመቶ ድርሻ ያለው ድርጅት» ይበቃል። የድርሻውን መጠን ለመናገር ግን የአለቃሽ ፈቃድ ይኑርሽ፣ በጽሑፍ። መመሥረቻ ጽሑፍ ሰነድ ነው፣ ሊታይ ይችላል። ያ ማለት ግን ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ለጋዜጣ ይስጥ ማለት አይደለም።

---

የድሮ_ዘጋቢ · ማክሰኞ፣ 2:25

ውል_ፈታች፣ እዚህ ላይ እለያለሁ። ቁጥሩን ከከለከለ «የአናሳ ድርሻ ያለው» ትበል እንጂ ጭራሽ እንዳትተወው። ቁጥር ባይኖርም ግንኙነቱ ካልተነገረ ልጁ የራሱን ስም ያወጣለታል። የ«ግሩፕ»ን መስመር ደግሞ እንዳትነኪያት፤ ኢሜይሉ ውስጥ ያለችው ዋና መልስ እሷ ናት።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · ረቡዕ፣ ረፋድ 5:10

ተላከ። አለቃዬ ቁጥሩን ፈቅዷል። ከራሱ ስልክ መልእክት አስጽፌ አስቀምጫለሁ። የግሩፑን መስመር ግን ሊያስወጣ ብዙ ታገለኝ። «እኔ እኮ ግሩፕ ነኝ» አለኝ። «ጋሼ፣ ቲኑን ይንገሩኝና ልጻፈው» አልኩት። ሳቀና ተወው።

ልጁ በግማሽ ሰዓት ደወለ። ስሞቹን አነበበልኝ፣ አንዱን ፊደል አስተካከልን። ስለ ምልክቱም ጠየቀኝ! «ምዝገባው በሂደት ላይ ነው» አልኩት። «በማን ስም?» አለ። «ይኼን አጣርቼ እመለሳለሁ» አልኩ። ገና አልተመለስኩም።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · እሑድ፣ ቀን 7:20

ወጣ። የዜናው ውስጥ ሁሉም ነገር ልክ ነው። 30 በመቶው አለ፣ ማኑፋክቸሪንግ ይላል። ርዕሱ ግን «አስመጪው ወደ ውሃ ገበያ ገባ» ነው። አለቃዬ ተደስቷል። ሂሳብ ሹሟ ተናዳለች። እርማት እንጠይቅ?

---

ሂሳብ_ነክ · እሑድ፣ 7:45

ጠይቁ። ባንክ ውስጥ ያለው ሰው ርዕሱን ነው የሚያነበው።

---

የድሮ_ዘጋቢ · እሑድ፣ 8:15

እኔ አልጠይቅም ነበር። አስመጪው ድርሻ አለው፣ ያከፋፍላልም። ገበያው ውስጥ ገብቷል። ርዕሱ ያጋነነ ነው እንጂ የተሳሳተ አይደለም። የመገናኛ ብዙኃን አዋጁ የማረም መብት ይሰጥሻል፣ ግን ለስህተት ነው። ርዕሱን ደግሞ የጻፈው ልጁ አይደለም፣ አዘጋጁ ነው። ዛሬ በዚህ ከተጣላሽው የሚቀጥለውን ጥያቄ አይልክልሽም።

---

ውል_ፈታች · እሑድ፣ 8:40

እኔ መሀል ነኝ። እርማት አይጠየቅ፣ ግን የላክሽውን ኢሜይል አትመሽ ፋይል ውስጥ አስቀምጪ። ባንኩ ከጠየቀ «እኛ ያረጋገጥነው ይኼ ነው» ብላችሁ ታሳያላችሁ። እና የዕጩ አቅራቢነቱን አንቀጽ ለጠበቃችሁ አሳዩ። እሱ አሁንም ክፍት ነው። ምልክቱም በግል ስም ይቀጥላል ወይስ ወደ ፋብሪካው ይዛወራል፣ ምስክር ወረቀቱ ሳይመጣ ወስኑ። ከተዛወረም ዝውውሩ እዚያው ባለሥልጣኑ ዘንድ መመዝገብ አለበት።

---

ሳሪስ_አዲሱ_ሰፈር · እሑድ፣ 9:05

ጠበቃው ረቡዕ ይመጣል። ስለ ምልክቱ አለቃዬ «ሚስቴን ላማክር» ብሏል። እርማቱን ትቼዋለሁ፣ ሂሳብ ሹሟ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላም አላለችኝም። ባነሩ አሁንም ሪሴፕሽን ላይ ተሰቅሏል።